ከአንድ ምዕራፍ 60 ጥያቄ፦ ቀላሉን፣ መካከለኛውንና ከባዱን በምን እንለይ?

የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ በቀጥታ መስመር ስለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚያስተምረውን ምዕራፍ ይዤ ለሦስት ሴክሽን የሚሆን የጥያቄ ባንክ እያዘጋጀሁ ነው። ያሰብኩት 60 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ 20 ቀላል፣ 20 መካከለኛ፣ 20 ከባድ። የተቸገርኩት መለያው ላይ ነው። እስካሁን የያዝኩት የእርምጃ ብዛትን ነው፤ በአንድ እርምጃ የሚሠራ ቀላል፣ በሁለት የሚሠራ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። ይሄ ያስኬዳል ወይስ የሚያስት ነገር አለው? 20፣ 20፣ 20 ማለቱስ ልክ ነው?

(በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በተራቸው በራሴ አነጋገር ከታች አስፍሬያለሁ። ከርዕስ የወጡትንም አልዘለልኩም፤ ኋላ የመጡት ይጠቅሷቸዋልና።)

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በፈተና ዝግጅት የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። በትሕትና ጀምረው ጥያቄዬን ከሥሩ ገለበጡት። ስለ ክብደት ከማሰብ በፊት ቢጋር ይውጣ ነው ያሉት። ምዕራፉ 12 ክፍለ ጊዜ ከተሰጠው፣ ቦታና ርቀት 2፣ ስፒድና ቬሎሲቲ 3፣ አክስለሬሽንና ቀመሮቹ 4፣ ግራፍ 3 ክፍለ ጊዜ ከወሰዱ፣ 60ው ጥያቄ በዚያው ልክ 10፣ 15፣ 20 እና 15 ሆኖ ይከፈላል። ይህ ካልተደረገ ምን እንደሚሆን ሲናገሩ የራሴን ረቂቅ ያዩት ነው የመሰለኝ። ጥያቄ አውጪው እጁ ወደሚቀለው ይሄዳል፤ የቀመር ጥያቄ ቁጥር እየቀያየሩ በአንድ ሰዓት 30 ማውጣት ይቻላል፣ ግራፍ ግን መሳል ይጠይቃልና ሦስት ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በየንዑስ ርዕሱ ውስጥ ከአሥሩ ሦስት ቀላል፣ አምስት መካከለኛ፣ ሁለት ከባድ እንዲሆን መከሩ። በድምሩ 18፣ 30 እና 12 ማለት ነው። ከባዱን 20 ማድረግ የሚያዋጣው ባንኩ ተማሪን ለመምረጥ ሲታሰብ እንጂ ለክፍል ፈተና አይደለም አሉ። ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ጥያቄ አዲስ ጥያቄ ተብሎ እንዳይቆጠርም አሳስበዋል፤ እሱ ለሌላው ሴክሽን የሚሆን ቅጂ ነው።

ምላሽ 2

ሁለተኛው መላሽ ነገሩን አቀለለው። የእርምጃ ቆጠራውን ትቼ የብሉምን ደረጃዎች እንድጠቀም፣ ግሱን ብቻ እንዳይ መከረኝ። ጥቀስ፣ ግለጽ የሚለው ቀላል ነው፤ አስላ የሚለው መካከለኛ፤ አነጻጽር፣ ገምግም የሚለው ከባድ። በዚህ መንገድ ማንም መምህር በአንድ ቀን 60ውን ለይቶ ይጨርሳል አለ። የትኛው ንዑስ ርዕስ ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚጠይቅ ለማየት ግሶቹ ይረዳሉና ሐሳቡ ባዶ አይደለም። የቸኮለው መደምደሚያው ላይ ነው።

ምላሽ 3

ሦስተኛዋ መላሽ አልራራችለትም። ግሱ የሚታየው በመምህሩ ወረቀት ላይ ነው፣ ተማሪው አእምሮ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው አለች። ርቀትንና ዲስፕሌስመንትን አነጻጽር የሚለውን ብንወስድ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ጽፎት ተማሪው ደብተሩ ላይ ካለ፣ ጥያቄው ሽምደዳ ነው፤ ግሱ የፈለገውን ያህል ከፍ ይበል። በአንጻሩ ጥቀስ የሚለው ከገጹ ጥግ ያለች፣ ማንም ያላስተዋላት ቃል ላይ ከወደቀ ከክፍሉ አምስት ሰው አይመልሰውም። የአስተሳሰብ ደረጃና ክብደት በአንድ ዓምድ የሚጻፉ ነገሮች አይደሉም፣ ሁለት ዓምድ ይሁኑ ብላ ዘጋችው።

አክላም 3.7 እና 11.3 የመሳሰሉ ቁጥሮችን ያነሣች እሷ ናት። ካልኩሌተር በሌለበት ክፍል እንዲህ ያለ ቁጥር ጥያቄውን ያከብደዋል፣ የሚፈትነው ግን ማባዛትን ነው። ፊዚክሱ ከባድ እንዲሆን ከተፈለገ ቁጥሩ ይቅለል።

ምላሽ 4

አራተኛው ጥያቄዬን አላነበበውም፤ ወይም ባንክ የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ገባ። የ12ኛ ክፍል ማትሪክ የቆዩ ጥያቄዎች በፒዲኤፍ ከየት እንደሚገኙ ጠየቀ፣ ለእህቱ ልጅ ነው። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር እንልክልሃለን አሉት፤ እነሱን እዚሁ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 5

አንዱ ግን ለአራተኛው ሲመልስ ወደ ርዕሱ መለሰን። የቆየ ፈተና ለባንክ የሚጠቅመው ጥያቄውን ለመገልበጥ ሳይሆን የተሳሳቱትን ምርጫዎች ለማጥናት ነው አለ። ተማሪው መልሱን በፊደል ነው የሚያስታውሰው፤ ያንኑ ጥያቄ ስትሰጠው ክብደቱ ምን እንደነበረ ማወቅ አትችልም።

ምላሽ 6

ለእኔ የክሩ እምብርት ይሄ ነው። ስድስተኛው መላሽ የእርምጃ ቆጠራዬን በአንድ ጥያቄ አፈረሰው። አንዲት መኪና በ10 ሜትር በሰከንድ ስትሄድ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፤ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ፍሬን ከተያዘ ጀምሮ ባለው 8 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ትሄዳለች? ምርጫዎቹ 16፣ 25፣ 80 እና 144 ናቸው።

በእኔ መስፈርት ይህ ቀላል ነው፤ አንድ ቀመር፣ አንድ መተካት።

```
s = ut + ½at²
s = 10×8 − ½×2×8² = 16
```

መልሱ ግን 16 አይደለም። መኪናዋ በ5ኛው ሰከንድ ቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው 3 ሰከንድ የመቆም ጊዜ ነው። በ5 ሰከንድ የሄደችው 25 ሜትር ነው። ቀመሩ 16 የሚሰጠው መኪናዋ ቆማ ወደ ኋላ 9 ሜትር የተመለሰች ስለሚመስለው ነው። ተማሪው ማንም ሳይነግረው መኪናዋ መቼ ትቆማለች ብሎ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ የሚቆጠረው እርምጃ አይደለም፣ ተማሪው ሳይነገረው የሚወስነው ውሳኔ ነው አለ። ቀላል ጥያቄ ላይ የሚፈለገውም የሚሰጠውም ተጽፏል፣ ቀመሩ አንድ ነው፤ ከእረፍት ተነሥታ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ የምትጨምር መኪና በ5 ሰከንድ ስንት ትደርሳለች እንደሚለው ዓይነት። መካከለኛው ላይ አንድ ውሳኔ አለ፤ በ10 ሜትር በሰከንድ የምትሄደው መኪና ለመቆም ስንት ሜትር ትፈልጋለች ሲባል መጨረሻው ፍጥነት ዜሮ መሆኑን ተማሪው ራሱ ያመጣል፣ ጊዜ የሌለበትን ቀመርም ራሱ ይመርጣል። ከባዱ ላይ ደግሞ ቀመሩ ራሱ የማይሠራበትን ቦታ ማወቅ አለበት። ቃል በቃል ልድገመው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከመላው ክር የተጠቀምኩበት ይህንን ነው ማለቱ ይበቃል።

ምላሽ 7

ሰባተኛው ተቆጣ። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ወጥመድ ነው አለ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቀመር አስተምሮ፣ ቀመሩን በትክክል የተጠቀመውን ልጅ ዜሮ መስጠት ግፍ ነው፤ ልጁ መኪናዋ ከቆመች በኋላ ምን እንደምትሆን የት ተነገረው? ስድስተኛው መላሽም ብልጥነቱን ለማሳየት ነው እንጂ ተማሪ ለመፈተን አይደለም የመጣው ብሎ ጨመረ። አነጋገሩ ቢያስከፋም ስለ አጻጻፉ ያነሣው ነጥብ መሬት የሚወድቅ አይደለም።

ምላሽ 8

ስምንተኛዋ ሁለቱንም በከፊል ደገፈች፤ ያደረገችውም ቁጥሩን ሳትነካ መኪናዋን በኳስ መተካት ነው። ኳስ በ10 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ በተንጋለለ ሜዳ ትንከባለላለች፤ አክስለሬሽኑ ያው በየሰከንዱ 2፣ ወደ ታች። በ8 ሰከንድ ዲስፕሌስመንቷ ስንት ነው ከተባለ 16 ልክ ነው፤ ኳሷ 25 ወጥታ 9 ተመልሳለች። የተጓዘችው ርቀት ከተባለ ደግሞ 34 ነው። ልዩነቱ ፍሬን ወደ ኋላ አይነዳም፣ ተዳፋት ግን ይመልሳል የሚለው ነው። ይህን መለየት ፊዚክስ ነው፣ ወጥመድ አይደለም አለች።

ነገር ግን ጥያቄው ፍሬን የሚለውን ቃል ትቶ አንድ አካል ፍጥነቱ እየቀነሰ ብቻ ካለ ሰባተኛው እውነት አለው፤ ያኔ 16ም 25ም ሊከራከሩ ይችላሉ። ፍሬን ይባል፣ ከቆመች በኋላ ስለመቆሟ ግን አይነገር፤ ከተነገረ ውሳኔው ከተማሪው ተወስዶ ጥያቄው መካከለኛ ይሆናል። ሰባተኛው በዚህ ላይ አጭር መልስ ሰጥቷል፦ አሁንም አላመነም።

ምላሽ 9

ይኸኛው ስለ ተሳሳቱ ምርጫዎች ብቻ የጻፈ ነው፤ እኔ ያላሰብኩበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አሰፍረዋለሁ። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የአንድ ስሕተት ውጤት መሆን አለበት አለ። ምሳሌው ይህ ነው፦ ሹፌር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከፊቱ ላም ያያል፤ ፍሬን እስኪረግጥ 0.8 ሰከንድ ያልፋል፣ ከረገጠ በኋላ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 5 ይቀንሳል። ላሟን ካየበት እስከሚቆምበት ስንት ሜትር ነው?

72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 20 ሜትር በሰከንድ ነው። ፍሬን ሳይያዝ 16 ሜትር ያልፋል፣ በፍሬን 40 ሜትር፤ ድምሩ 56። የተሳሳቱት ምርጫዎች እንዲህ ይወጣሉ። የ0.8 ሰከንዱን ርቀት የረሳ 40 ያገኛል። 16ን ከመደመር ይልቅ የቀነሰ 24። ቀመሩ ላይ ለ2 ማካፈሉን የዘነጋ 80 አግኝቶ 16 ይጨምርና 96። ተማሪዎች ከተፈተኑ በኋላ 40ን የመረጡ ከበዙ መምህሩ ነገ ምን እንደሚያስተምር ያውቃል።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሜትር አለመቀየርስ ስሕተት አይደለም ወይ የሚል ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ገምቷል። ነው፣ ግን የሚወጣው 576 ነው። መኪና ለመቆም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ እንደማይፈጅባት ማንም ያውቃል፤ ማንም አይመርጠውም፣ አራት ምርጫ የነበረው ጥያቄ ሦስት ይሆናል። ያ ስሕተት ሊፈተን ከተፈለገ በቀላል ጥያቄ ለብቻው ይፈተን።

ምላሽ 10

አሥረኛዋ እስካሁን ማንም አላነሣውም ብላ ገባች፤ እውነቷን ነው። በክልላችን እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ጥያቄውን የምንጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ልጁ የሳተው ፊዚክሱን ነው ወይስ ከአንዱ በስተቀር የሚለውን ቃል? ሦስት መስመር የሚረዝም ጥያቄ፣ በውስጡ ሁለት አሉታ ያለው፣ ከባድ ተብሎ ባንክ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱ ግን ከሰዋስው የመጣ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው አለች። ጥያቄውን የሳቱ አራት አምስት ልጆች ይጠሩ፣ በአማርኛ በቃል ይጠየቁ። ከመለሱት ጥያቄው እንደገና ይጻፍ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መጽሐፉ የተጠቀመበት ቃል ብቻ። ካልመለሱት ክብደቱ የፊዚክሱ ነው። ሦስተኛዋ ስለ ቁጥር የተናገረችው ለቃልም ይሠራል ብላ ጠቅሳታለች።

ምላሽ 11

እንደገና የመጀመሪያው መላሽ ናቸው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ግምት ነው አሉ፤ የውሳኔ ቆጠራውም ቢሆን። ስለዚህ ባንኩ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ የተገመተ ደረጃና ተፈትኖ የወጣ ደረጃ። 52 ተማሪ ባለበት ክፍል ወረቀቶቹ በጠቅላላ ውጤት ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ከላይ 14፣ ከታች 14 ይወሰዳሉ፣ ከመቶ 27 ገደማ ነው። አንድ ጥያቄ ከላይኞቹ 10፣ ከታችኞቹ 3 ልጆች ከመለሱት፣ 13 ለ28 ሲካፈል 0.46 ነው፤ መካከለኛ ማለት ነው። የ7ቱ ልዩነት ለ14 ሲካፈል 0.5፤ ጎበዙን ከደካማው በደንብ ይለያል። እሳቸው ከ0.7 በላይ የሆነውን ቀላል፣ ከ0.3 በታች የሆነውን ከባድ ይሉታል። ከባድ ሆኖ ላይኞቹንም ታችኞቹንም እኩል የሚጥል ጥያቄ ግን ከባድ አይደለም፣ የተበላሸ ነው።

በኤክሴል ለሚሠራ፣ ተማሪዎቹ ከረድፍ 2 እስከ 53 በውጤት ከተደረደሩ፣ የጥያቄው ምርጫ ዲ ዓምድ ላይ ከሆነና መልሱ ቢ ከሆነ፦

```
=(COUNTIF(D2:D15,"B")-COUNTIF(D40:D53,"B"))/14
```

ምላሽ 12

ይህኛው የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው የመጣው፤ ቢሆንም ለአሥራ አንደኛው ጥሩ ማስረጃ ሆነ። የእሱ ጥያቄ 400 ሜትር ዙር ባለው ትራክ ላይ አንድ ዙር በ50 ሰከንድ የሮጠች ልጅ አማካይ ቬሎሲቲዋ ስንት ነው የሚል ነበር። መልስ ብሎ የያዘው 8 ነው። ስሌቱን ሲሠራ ከታችኞቹ የመለሱት በለጡና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወጣ። ተማሪዎቹ ኮርጀው ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 13

ሦስተኛዋ ናት፣ አሁንም እንደ ጩቤ። ኩረጃ አይደለም፣ የመልስ ቁልፉ ነው የተሳሳተው አለች። ልጅቷ ወደ ተነሣችበት ተመልሳለች፤ ዲስፕሌስመንቷ ዜሮ፣ አማካይ ቬሎሲቲዋም ዜሮ። 8 አማካይ ስፒዷ ነው። ጎበዞቹ ዜሮን መረጡ፣ ተቀጡ። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁልፉ ነው፣ ቀጥሎ ሁለት ልክ መልስ መኖሩ፣ ተማሪው በመጨረሻ። አሥራ ሁለተኛው ወረቀቶቹን መልሶ እንደሚያርም ጽፎ አመሰገነ።

ምላሽ 14

አሥራ አራተኛው በ52 ልጅ ውጤት ብቻ ደረጃ መለጠፍ አይቻልም ብሎ ተከራከረ። ከ14ቱ ሁለት ልጅ ሲቀያየር ቁጥሩ ብዙ ይዋዥቃል፤ 0.28 እና 0.33 ያገኙ ሁለት ጥያቄዎችን አንዱን ከባድ፣ አንዱን መካከለኛ ማለት ራስን ማታለል ነው። ቢያንስ ሦስቱም ሴክሽን እስኪፈተን ይጠበቅ። የመጀመሪያው መላሽ በዚህ ተስማሙ። ያልተስማሙት ጠዋት የተፈተነው ሴክሽን ለከሰዓቱ ጥያቄውን ሲነግረው ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው። እሳቸው ቁጥሩ የተቀየረ ቅጂ ይበቃል ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ቅጂው ለቀላል ጥያቄ እንጂ ለከባድ አይበቃም፣ ዘዴው ከተነገረ ቁጥሩ ምንም አያደርግም ይላል።

ምላሽ 15

አንድ ሰው እስከ አሁን የወጡትን 12 ከባድ ጥያቄዎች እዚህ እንድለጥፍ ጠየቀ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ደገፉት። አሥረኛዋ ግን ተው አለችኝ፤ መድረኩን ተማሪዎችም ያነባሉ፣ የለጠፍኩት ጥያቄ ሁሉ ከባንኩ እንደወጣ ይቆጠር አለች። አልለጠፍኩም።

ምላሽ 16

የመጨረሻው እስካሁን የሰባተኛው ነው። የ8 ሰከንዷ መኪና ከነመልሷ እዚህ ተጽፋለችና ተቃጥላለች አለ፤ ቁጥሯን 12፣ 3 እና 6 ሰከንድ ብታደርጉት እንኳ ይህን ያነበበ ልጅ በ4 ሰከንድ እንደምትቆም አይቶ 24 ይላል፣ 18ን አይነካም። እኔም ሠርቼ አየሁት፣ ልክ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ካሠራትም ያው ነው አለ፤ ከዚያ ወዲያ መካከለኛ እንኳ አትባልም።

ስድስተኛው መላሽ ገና አልመለሰም። እኔ እስከዚያው ጥያቄዋን ከተገመተ ከባድ አንሥቼ የተገመተ መካከለኛ አድርጌያታለሁ፤ ግራፉ ላይ ደግሞ አሁንም 9 ጥያቄ ይጎድለኛል።